ለሁለት ልጆች አንድ ጠባብ መኝታ ክፍል፦ የትኛው ዕቃ ማስቀመጫ ያዋጣል?

የኮንዶሚኒየም ትንሹ መኝታ ክፍል ብዙ ጊዜ ለልጆች ነው የሚተወው። ሕፃናት እያሉ አይከብድም። ትልቁ ልጅ አሥር ዓመት ሲያልፍ ግን ልብሱ ይረዝማል፣ ጫማው ይተልቃል፣ ደብተርና መጽሐፉ ይበዛል። ታናሹም ይከተላል። ክፍሉ ግን ያው ነው።

በዚህ ጊዜ ወላጅ ቁምሳጥን ወይም አልጋ ለመግዛት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ልብስ ይይዛል?" ብሎ ነው። ለሁለት ልጆች ክፍል ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ጠዋት 12፡30 ላይ ሁለቱም ዩኒፎርም ሲለብሱ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን በር ወይም መሳቢያ በአንድ ጊዜ ከፍተው መቆም ይችላሉ? መልሱ "አይችሉም" ከሆነ፣ ቁምሳጥኑ የቱንም ያህል ቢይዝ ልብሱ አልጋ ላይ ነው የሚከመረው። እኔ አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ መለኪያ ነው።

አንድ ክፍል እንውሰድ። ወርዱ 2.80 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.00 ሜትር ነው። በሩ አጭሩ ግድግዳ መሐል ላይ ነው፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር። መስኮቱ ከበሩ ትይዩ ነው። ልጆቹ የ11 ዓመት ሴትና የ7 ዓመት ወንድ ናቸው። እናንተም የራሳችሁን ክፍል ስትለኩ ከዞኮሎው በላይ ብቻ አትለኩ። ዞኮሎው ራሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ይበላል፤ ልክ ተብሎ የተሠራ ቁምሳጥን የማይገባው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ነጠላ አልጋ ወይስ ተደራራቢ?

የዕቃ ማስቀመጫው ጉዳይ ከአልጋው ይጀምራል፤ ወለሉን የሚወስደው እሱ ነውና።

ሁለት ባለ 90 አልጋዎችን ግራና ቀኝ ብናስገባ፣ እያንዳንዱ ከነፍሬሙ 95 ሳንቲ ስለሚሰፋ መሐሉ ላይ የሚቀረው መተላለፊያ 90 ሳንቲ ነው። አልጋዎቹ ከሥር መሳቢያ አላቸው እንበል። አንድ መሳቢያ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ 60 ሳንቲ ያህል ይመጣል። የእሷ ሲከፈት 30 ሳንቲ ይቀራል። የእሱ አብሮ ሊከፈት አይችልም፣ መሐል ላይ ይጋጫሉ። ቁምሳጥንስ? አልጋው ከነፍሬሙ 1.95 ሜትር ስለሚረዝም፣ እስከ በሩ ግድግዳ ድረስ የሚተርፈው 1.05 ሜትር ነው። እዚያ ጥግ ላይ 60 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ቢቆም ከአልጋው ጋር 45 ሳንቲ ብቻ ይቀረዋል። የቁምሳጥኑ በር ግን 50 ሳንቲ ነው። አልጋውን ይመታል።

ተደራራቢ አልጋ ሲሆን ወለሉ ይለቀቃል። አልጋው አንዱን ረጅም ግድግዳ ተደግፎ ከበሩ በኩል ይቆማል። ከሌላኛው ግድግዳ ጋር 60 ሳንቲ ጥልቀት ያለው ቁምሳጥን ይሰለፋል። በሁለቱ መካከል 1.25 ሜትር ይቀራል። የቁምሳጥኑ በር 50 ሳንቲ ሲከፈት፣ ለቆመው ልጅ 75 ሳንቲ ይተርፈዋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው መልበስ ይችላሉ። ከአልጋው ግርጌ እስከ መስኮቱ ግድግዳ ባለው 1.05 ሜትር ቦታ ላይ አንድ ትንሽ የጥናት ጠረጴዛ ትገባለች። ሁለተኛው ልጅ ሳሎን ያጥና፤ ሁለት ጠረጴዛ ለማስገባት መታገል ለዚህ ክፍል አያዋጣም።

ታዲያ ተደራራቢ አልጋ ለሁሉም ቤት አይሆንም። መጀመሪያ ጣሪያውን ለኩ። የታችኛው ፍራሽ ከወለል 45 ሳንቲ ላይ ይሆናል። ታች የሚተኛው ልጅ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ከዚያ በላይ 90 ሳንቲ ያስፈልጋል። የላይኛው ርብራብና ስስ ፍራሽ 17 ሳንቲ ይወስዳል። ላይ የሚተኛውም ለመቀመጥ ሌላ 90 ይፈልጋል። ሲደመር 2.42 ሜትር ነው። ጣሪያችሁ ከዚህ ካነሰ አንደኛው ልጅ ጎንበስ ብሎ ነው የሚኖረው።

ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ መተኛት የለበትም። በእንቅልፉ የሚነሳ ልጅ ካለም እንደዚሁ። የላይኛው አልጋ በአራቱም ጎን መከለያ ይኑረው፣ ግድግዳ የሚነካውን ጎን ጨምሮ፤ አልጋው በጊዜ ብዛት ከግድግዳው ይሸሻልና ክፍተት ይፈጠራል። መከለያው ከፍራሹ በላይ ቢያንስ 16 ሳንቲ መቅረት አለበት። ብዙ ወላጅ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አልጋው ሲገዛ መከለያው ልክ ነበር፣ በኋላ ለምቾት ተብሎ ወፍራም ስፖንጅ ይመጣል፣ መከለያው ከፍራሹ እኩል ይሆናል። ስለዚህ ላይኛው ላይ ስስ ፍራሽ ነው የሚያስፈልገው። አልጋውን መስኮት ሥር አታቁሙ፣ በተለይ ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ።

ከእንጨትና ከብረት የቱ ይሻላል ለሚለው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። የቱቦላሬ አልጋ ይቀላል፣ ትኋንም የሚደበቅበት ስንጥቅ ብዙ የለውም። ብሎኑ ሲላላ ግን ይንጫጫል፣ በየጊዜው ማጥበቅ ይፈልጋል። የእንጨቱ ጸጥ ያለ ነው፣ መጋጠሚያዎቹን ግን በባትሪ መብራት እየፈተሻችሁ ማጽዳት ይኖርባችኋል።

አልጋ ሥር፦ ምን ይግባ?

አልጋ ሥር ያለው ቦታ ነጻ ቦታ ይመስላል። በእኛ መለኪያ ሲታይ ግን ደካማ ነው። የታችኛው አልጋ መሳቢያ 60 ሳንቲ ሲወጣ፣ በ1.25 ሜትር መተላለፊያ ላይ የሚቀረው 65 ነው። በዚያው ሰዓት ሌላኛው ልጅ ቁምሳጥኑን ከከፈተ መቆሚያ የለውም። ስለዚህ አልጋ ሥር በየቀኑ የሚፈለግ ነገር አይቀመጥም። የክረምት ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የበዓል የሐበሻ ልብስ፣ ለታናሹ ተላልፎ የሚጠብቅ ልብስ፣ ያለፈው ዓመት መጽሐፍ፣ እነዚህ ናቸው የአልጋ ሥር ዕቃዎች።

ከሦስቱ የተለመዱ መንገዶች ተሽከርካሪ ጎማ ያለውን ክዳናም ሳጥን እመርጣለሁ። ሐዲድ ስለሌለው የሚሰበር ነገር የለውም። ወለል ስትወለውሉ ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ከሥሩ ታጸዳላችሁ። ክዳኑ አቧራ ይከለክላል። ከአልጋው ጋር የተሠራ ሐዲዳም መሳቢያ ያምራል፤ ግን ልጆች ይቀመጡበታል፣ ሐዲዱ ይጣመማል፣ ከዚያ በኋላ በግማሽ ብቻ ነው የሚወጣው።

ሦስተኛው ፍራሹን ከነጣውላው ወደ ላይ የሚያነሱት አልጋ ነው። ብዙ ይይዛል፣ ለአዋቂ ክፍል ጥሩ ነው። ለልጆች ግን አልመክረውም። የ7 ዓመት ልጅ ብቻውን ሊያነሳው አይችልም፣ ማንሻው የደከመ ጊዜ ደግሞ ጣት ላይ ይወርዳል። ተደራራቢ አልጋ ጋርም አይሄድም። ሌላም ችግር አለበት። የስፖንጅ ፍራሽ ድፍን ጣውላ ላይ ሲውል ላቡ መውጫ ያጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ፍራሹን ገልብጣችሁ ብታዩት ከሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። ሻጋታ ነው። ያላችሁት አልጋ ድፍን ከሆነ ጣውላውን በየቦታው መብሳት ወይም በርብራብ መቀየር ይረዳል።

ከሥር ተስቦ የሚወጣ ሁለተኛ አልጋ የሚያስቡም አሉ። ለእንግዳ ጥሩ ነው። ለሁለት ቋሚ ልጆች ግን የአልጋ ሥሩን ቦታ ይወስዳል፣ ማታ ማታም መተላለፊያውን ይዘጋል።

ቁምሳጥኑ፦ አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት ትንንሽ?

በረጅሙ ግድግዳ ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ልንሰጠው እንችላለን፤ የቀረው አንድ ሜትር ለመስኮቱ ብርሃን ይተዋል። የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳችሁ "ሁለት ሜትር ቁምሳጥን" ብትሉ አንድ ወጥ ዕቃ ነው የሚሠሩላችሁ። እኔ የምለው ሁለት የአንድ አንድ ሜትር ቁምሳጥን አሠሩ ነው። ጎን ለጎን ሲቆሙ አንድ ይመስላሉ። መሐል ላይ አንድ ተጨማሪ ጎን ስለሚኖር ትንሽ ጣውላ ይጨምራል። ግን ቤት ሲቀየር፣ ወይም ሴቷ ልጅ የራሷን ክፍል ስታገኝ፣ የሷን ነቅላችሁ ትወስዳላችሁ። የማን ግማሽ የት ድረስ ነው የሚል ጭቅጭቅም አይኖርም።

ወንድምና እህት እያደጉ ሲሄዱ የራስ የሆነ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ለ11 ዓመቷ ቢያንስ አንድ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ይኑራት። ታች የሚተኛው አልጋ ዙሪያ መጋረጃ ማድረግም መለበሻ ቦታ ይሆናል።

ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ይሁን የምለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በማንጠልጠያ የተሰቀለ የአዋቂ ልብስ በሩ ሳይነካው የሚገባው በዚህ ልክ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ከጥቂት ዓመት በኋላ የአዋቂ ልብስ ነው የሚለብሱት። ሁለተኛ፣ ቺፕውድም ሆነ ኤምዲኤፍ የሚሸጠው በ1.22 በ2.44 ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሲሆን አንዱ ጣውላ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ የሚጣል የለም። 65 ይሁን ብትሉ ሁለተኛው ቁራጭ አይወጣም።

አሁን ወደ ቁመቱ። እስከ ጣሪያ ድረስ መሥራት ለጠባብ ክፍል ትክክል ነው፤ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ አለዚያ የሻንጣና የአቧራ መከማቻ ነው የሚሆነው። ግን 2.40 ሜትር ቁመት ያለው ወጥ ቁምሳጥን ወለል ላይ ተኝቶ ከተገጣጠመ በኋላ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ሲነሳ ማዕዘኑ 2.47 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ጣሪያው 2.45 ከሆነ መሐል መንገድ ላይ ይያዛል። ባለሙያው ያኔ እግሩን ይቆርጥላችኋል ወይም ጣሪያውን ይፍቃል። መፍትሔው ከመጀመሪያው በሁለት መክፈል ነው። ታች የ2 ሜትር፣ ላይ የ40 ሳንቲ ሳጥን። ሁለቱም ከአንዱ የ2.44 ቁራጭ ይወጣሉ፣ ደረጃ ላይም ለመሸከም ይቀላሉ።

ውስጡ እንዲህ ይከፈል። እያንዳንዱ የአንድ ሜትር ቁምሳጥን መሐሉ ላይ በቋሚ ጣውላ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ለሚሰቀል፣ ግማሹ ለመደርደሪያ። መደርደሪያው 47 ሳንቲ ያህል ብቻ ስለሚሆን መጽሐፍ ቢከመርበትም አይጎብጥም። አንድ ሜትር ወጥ መደርደሪያ ግን በ18 ሚሊ ሜትር ቺፕውድ ከተሠራ ከጊዜ በኋላ መሐሉ ይረግባል።

ለትንሹ ልጅ የልብስ መስቀያ ዘንጉ ከወለል 1.10 ሜትር ላይ ይሁን። ሸሚዙና ሹራቡ አጭር ስለሆነ በቂ ነው፣ ራሱ ሰቅሎ ራሱ ያወርዳል። ከዚያ በላይ ሁለተኛ ዘንግ ቢገባ አሁን ለማይለብሰው ልብስ ይሆናል። ለእሷ 1.60 ላይ ይሁን፤ ረጅም ቀሚስም ይሰቀልበታል። እዚህ ላይ ባለሙያውን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁት። ጎኖቹ ላይ በየ5 ሳንቲው ቀዳዳ ይብሳ፣ ዘንጉም መደርደሪያውም የሚነቀል ይሁን። በሚስማር የተመታ መደርደሪያ ልጁ ሲያድግ አብሮት ከፍ አይልም። በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲከፈት ዘንጉን አንድ ሁለት ቀዳዳ ወደ ላይ ታነሱታላችሁ።

ለዚህ ሁሉ የሚሄደው ጣውላ 8 ፍሬ ገደማ ነው። 3 ለቋሚዎቹ፣ 3 ለመደርደሪያውና ለላይ ለታቹ፣ 2 ለበሮቹ። የጀርባው ስስ ጣውላ ለብቻ ነው። መሳቢያዎቹ ከትርፍራፊው ይወጣሉ። ባለሙያው ከዚህ እጅግ የራቀ ቁጥር ከነገራችሁ አቆራረጡን ወረቀት ላይ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ተከፋች በር፣ ተንሸራታች በር ወይስ መጋረጃ?

ብዙ ሰው ጠባብ ክፍል ሲሆን ወዲያው ተንሸራታች በር ይላል። ለአንድ ሰው እውነት ነው። ለሁለት ልጆች ግን ተንሸራታቹ ሁልጊዜ አንዱን ግማሽ ይሸፍናል። እሷ የሷን ስትከፍት የእሱ ይዘጋል። ጠዋት ላይ የሚገፋፉት እዚህ ነው። ሐዲዱም ወደ 8 ሳንቲ ገደማ ተጨማሪ ጥልቀት ይወስዳል፣ አቧራ ይሞላል፣ ልጅ በኃይል ሲገፋው ከመስመሩ ይወጣል። ተንሸራታች የሚያስፈልገው ከቁምሳጥኑ ፊት ያለው ቦታ ከ90 ሳንቲ በታች ሲሆን ነው።

የኛ ክፍል 1.25 ስላለው ተከፋች በር እመርጣለሁ። ማጠፊያው እስከ መጨረሻ የሚዘረጋ ቢሆን ደግሞ በሩ ጎን ድረስ ይሄዳል። ለ2 ሜትር በር ቢያንስ አራት ማጠፊያ ይግባ፤ በሦስት ከተያዘ ልጆች ሲንጠለጠሉበት ከታች ይወርዳል።

ገንዘብ ካጠረ በር ሳይኖረው አሠሩና መጋረጃ አድርጉበት። ሁለት ፍሬ ጣውላና ማጠፊያዎቹ ይተርፋሉ፣ ሁለቱም ልጆች በአንዴ ይከፍታሉ። በበጋ አቧራው ይገባል፣ ይሄ ግልጽ ነው። መጋረጃውን እያጠቡ መኖር ነው። የማጠፊያው ቀዳዳዎች ቀድመው ከተበሱ በሩ በኋላ ይጨመራል።

የተከራያችሁና በዓመት በሁለት ዓመት ቤት የምትቀይሩ ከሆነ፣ በዚፕ የሚዘጋው የጨርቅ ቁምሳጥንም አማራጭ ነው። መጀመሪያ የሚበላሸው ዚፑ ነው፣ ቀጥሎ መሐሉ ያለው ቱቦ ይጎብጣል። ከባድ ጃኬት አትስቀሉበት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ትንሽ ግዙ፣ አንድ ትልቅ አትግዙ።

ቺፕውድ፣ ኤምዲኤፍ ወይስ ኮምፔንሳቶ?

እዚህ ላይ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም። የሦስቱም ዋና ጠላት ከታች የሚመጣ ውሃ ነው። ወለል በውሃ ሲወለወል የቁምሳጥኑ የታች ጠርዝ ይመጥጣል። ቺፕውድ ያብጥና ይፈረፈራል፤ ኤምዲኤፍም ያብጣል፤ ኮምፔንሳቶ የተሻለ ይችላል፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። እኔ ገላውን በጥሩ ላሚኔት ቺፕውድ አሠርቼ ገንዘቡን ለጥሩ ማጠፊያና ለእግር ባወጣ እመርጣለሁ። ከ8 እስከ 10 ሳንቲ የሆነ የፕላስቲክ እግር ከገባበት ውሃው አይነካውም፣ መጥረጊያም ከሥሩ ይገባል። እግሩን ከቁመቱ ሒሳብ ላይ መቀነስ እንዳትረሱ። ታችኛው ሳጥን 1.90 ይሆናል ማለት ነው።

ዕቃው ሲመጣ ጣታችሁን ጠርዙ ላይ አሂዱ። ጠርዙን የሚሸፍነው ስስ ፕላስቲክ ከታች በኩልም መለጠፉን እዩ። የማይታይ ነው ተብሎ የሚተወው ያ ጎን ነው፣ መጀመሪያ ውሃ የሚያገኘውም እሱ ነው።

ግድግዳው ምን ይችላል?

የግድግዳ መደርደሪያ ወለል አይወስድም፣ ስለዚህ ሁሉም ይወደዋል። ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛው ክፍተት ያለው ብሎኬት ነው። ስትበሱት ድሪሉ ድንገት ወደ ውስጥ ከገባ ክፍተቱ ላይ ናችሁ። ተራ ፊሸር እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል እንጂ አይጨብጥም። ወይ ከጀርባ የሚከፈት ክንፍ ያለው ብሎን ተጠቀሙ፣ ወይ ትንሽ ወደ ጎን ሄዳችሁ ድፍኑን ፈልጉ። ኮንክሪት ምሰሶ ካለ ከሁሉም ይበልጣል። የውስጡ ግድግዳ አግሮስቶን ከሆነ መጽሐፍ የሚሸከም መደርደሪያ አትስቀሉበት፤ ለቦርሳና ለኮፍያ ማንጠልጠያ ይበቃል። ከአልጋው ራስጌ በላይም መደርደሪያ አይሁን። ከላይ የሚተኛው ልጅ ይይዘዋል፣ ዕቃውም ታች ላለው ራስ ላይ ይወርዳል።

መደርደሪያ ባትሰቅሉም እንኳ ቁምሳጥኑን በብረት ማዕዘን ከግድግዳው ጋር ማሰር ግዴታ ነው። ልጅ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ሲወጣባቸው ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ቁምሳጥኑ ይወድቃል። የላይኛው ሳጥንም ከታችኛው ጋር በብሎን ይታሰር።

ቁምሳጥኑ የሚቆምበት ግድግዳ የውጭ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ አርቁት። በክረምት ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ይቀዘቅዛል፣ አየር ካላገኘ የቁምሳጥኑ ጀርባ ይሻግታል። ነሐሴ ላይ የታችኛውን መደርደሪያ ልብስ አውጥታችሁ አሽትቱ። የምድር ቤት ሽታ ካለው ጀርባው ጀምሯል ማለት ነው፤ ከላይና ከታች በኩል ሁለት ሦስት ቀዳዳ ይበሳለት፣ ልብሱም ፀሐይ ይምታው።

ባለሙያው ጋር ስትስማሙ ቀብዱን ከመክፈላችሁ በፊት ልኩ፣ የጣውላው ውፍረት፣ የማጠፊያው ብዛት፣ የቀዳዳው ርቀትና የእግሩ ቁመት በወረቀት ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ዕቃው ክፍሉ ውስጥ ቆሞ፣ አራቱም በሮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው፣ ሁለቱ ልጆች ፊቱ ቆመው ካያችሁ በኋላ ስጡት።